ሁለት ጽዋ፣ ሦስት ሰይፍና አስር ሰይፍ በአንድ የፍቅር ንባብ ሲወጡ፦ ደረጃ በደረጃ አነባበብ

ታሮት ለሰው ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የሚዘረጋና የሚነበብ የሥዕል ካርድ ነው። እነዚህ ሦስት የታሮት ካርዶች አብረው ሲወጡ ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ነገር ይናገራል። «ፍቅር ነበር፣ ልብ ተሰበረ፣ አለቀ።» ካርዶቹ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢወጡ ንባቡ አይቀየርም። ጽዋው መጨረሻ ላይ ቢቀመጥ እንኳ መልሱ «ትለያያላችሁ» ነው። ጠያቂዋ ደንግጣ ትሄዳለች፣ ምን ማድረግ እንዳለባት ግን አንድም ነገር አልሰማችም።

ችግሩ ካርዶቹ ሦስት የተለያዩ ቃላት ሆነው መነበባቸው ነው። ከታች ያለውን ቅደም ተከተል ተከተሉ። ደረጃ አትዝለሉ፣ በተለይ ሦስተኛውንና አራተኛውን።

1. ከመዘርጋታችሁ በፊት

*ካርዱን ምረጡ።* ይህ መመሪያ የተጻፈው በ1909 ለንደን ውስጥ ለታተመው የራይደር ዌይት ካርድ ነው። ሥዕሎቹን የሳለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት። በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ካርዶች የእሷን ሥዕል ይከተላሉ። በእጃችሁ ያለው ሰው የማይታይበት፣ ሰይፍና ጽዋ ብቻ የተደረደረበት ካርድ ከሆነ ሁለተኛው ደረጃ አይሠራላችሁም።

*ጥያቄውን አስተካክሉ።* «ይመለሳል ወይ?» እና «ሌላ ሰው ይዟል ወይ?» የሚሉትን ጥያቄዎች አትቀበሉ። በእነዚህ ሦስት ካርዶች ላይ ሲመጡ አደገኛ ናቸው፣ ምክንያቱም ሥዕሎቹ አስፈሪ ስለሆኑ ሰው የፈራውን መልስ ያነብባቸዋል። ጥያቄውን እንዲህ ቀይሩት፦ «በመካከላችን ያለው ነገር ምን ላይ ነው? እኔስ ምን ላድርግ?»

*ቦታዎቹን በወረቀት ጻፉ።* ካርዱን ከመግለጣችሁ በፊት መሆን አለበት። እኔ የምመክረው ይህንን ነው፦

- አንደኛ ቦታ፦ ጠያቂው ይዞት የመጣው
- ሁለተኛ ቦታ፦ አሁን በሁለቱ መካከል ያለው
- ሦስተኛ ቦታ፦ ምንም ካልተቀየረ የሚሄድበት

«ምንም ካልተቀየረ» የምትለዋን አትሰርዙ። አስር ሰይፍ ሦስተኛው ቦታ ላይ ሲያርፍ ያኔ ትፈለጋለች።

*ስለ ተገለበጠ፣ ማለትም ሥዕሉ ተዘቅዝቆ ስለወጣ ካርድ አሁኑኑ ወስኑ።* የተገለበጠ ካርድ ልዩ ትርጉም አለው ብላችሁ ታነባላችሁ ወይስ ሁሉንም አቅንታችሁ? ካርዱ ከወጣ በኋላ መወሰን አይቻልም። ያኔ የሚወስነው ፍርሃት ነው።

2. ሳትተረጉሙ ሥዕሉን ተመልከቱ

ሦስቱንም ግለጡና ለጥቂት ጊዜ ዝም በሉ። ከዚያ ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ።

ሁለት ጽዋ ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ፊት ለፊት ቆመዋል። ሁለቱም ጽዋ ይዘዋል። ወንዱ እጁን ወደ እሷ ዘርግቷል። በመካከላቸው ሁለት እባብ የተጠማዘዘበት በትር አለ፣ ከበትሩ በላይ ደግሞ ክንፍ ያለው የአንበሳ ራስ ይታያል። ከኋላቸው ኮረብታ ላይ ቤት አለ።

ሦስት ሰይፍ ላይ በሦስት ሰይፍ የተወጋ ቀይ ልብ፣ ግራጫ ደመናና ዝናብ አለ። ሌላ ምንም የለም።

አስር ሰይፍ ላይ አንድ ሰው በደረቱ ተደፍቷል፣ ጀርባው ላይ አስር ሰይፍ ተተክሏል። ሰማዩ ከላይ ጥቁር ነው፣ አድማሱ ግን ቢጫ ነው። ውሃው ጸጥ ብሏል።

አሁን ሰዎቹን ቁጠሩ። በጽዋው ላይ ሁለት ሰው፣ በሦስት ሰይፍ ላይ ማንም፣ በአስር ሰይፍ ላይ አንድ ሰው። የዚህ ጥምረት ቁልፍ እዚህ ነው። ጥያቄው «አለ ወይስ አለቀ?» አይደለም። ጥያቄው «ሁለት የነበሩት መቼና እንዴት አንድ ብቻ ሆኑ?» ወይም «አንዱ ብቻውን የቀረው እንዴት ወደ ሁለት ይመለሳል?» የሚል ነው። የትኛው እንደሆነ ቅደም ተከተሉ ይነግራችኋል።

*ተጠንቀቁ፦* ሦስት ሰይፍ ላይ ሰው የለም። «ሦስተኛ ሰው አለ» የሚለው ንባብ ከቁጥሩ ብቻ የመጣ ነው፣ ሥዕሉ አይደግፈውም። መውጋቱን እንጂ የወጋውን አያሳይም። ያስጎዳው ክህደት ሊሆን ይችላል፤ የቤተሰብ ተቃውሞ፣ የተነገረ መራራ እውነት ወይም መለያየትም ሊሆን ይችላል። ማን እንደሆነ ከካርዱ አታውጡ። በአስር ሰይፍ ላይም እንዲሁ፣ የተደፋው ሰው ወንድ ስለሚመስል «የወደቀው እሱ ነው» አትበሉ። ሴትም ወንድም፣ ግንኙነቱ ራሱም ሊሆን ይችላል። ሞት ግን አይደለም። ይህንን ለጠያቂው አፋችሁን ሞልታችሁ ንገሩት፣ ምክንያቱም ሥዕሉን ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነው።

3. ሁለቱን ሰይፎች መጀመሪያ አገናኙ

ብዙ ሰው ከጽዋው ይጀምራል፣ ምክንያቱም ጥያቄው የፍቅር ነው። እናንተ ከሰይፎቹ ጀምሩ። ሁለት የአንድ ቤተሰብ ካርዶች ሲወጡ እርስ በርስ ይበረታታሉ። ስለዚህ የንባቡ ድምፅ የሰይፍ ድምፅ ነው።

ሰይፍ በታሮት የሐሳብና የንግግር ምልክት ነው። ይህ ማለት በዚህ ንባብ ውስጥ ጉዳቱ የሚመጣው ከተባለው፣ ካልተባለውና በጭንቅላት ውስጥ ከሚብላላው ነው። የፍቅር ማነስ በቀጥታ አልተነገረም። ፍቅር ማነሱን የሚናገሩ ሌሎች ካርዶች አሉ፣ ለምሳሌ ሰውየው ጽዋዎቹን ትቶ ተራራ የሚወጣበት ስምንት ጽዋ።

ቀጥሎ በሦስትና በአስር መካከል ያለውን ርቀት ተመልከቱ። ስድስት ካርዶች ተዘልለዋል። አራት ሰይፍ ዕረፍት ነው። ስድስት ሰይፍ በጀልባ ወደ ሌላ ዳር መሻገር ነው። ስምንት ሰይፍ ዓይኗን ተሸፍና የታሰረች ሴት ናት፣ ዘጠኝ ደግሞ ሌሊት አልጋው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ የያዘ ሰው ነው። ከእነዚህ አንዱም አልወጣም። ቁስሉ አለ፣ ማብቂያውም አለ፣ በመካከል መደረግ የነበረበት ነገር ግን ጠረጴዛው ላይ የለም።

ይህንን ወደ ጥያቄ ቀይሩትና ጠያቂውን ጠይቁ፦ «ከተጎዳህ በኋላ ዕረፍት ወስደሃል? ስለ ጉዳዩ ተነጋግራችኋል? ወይስ እንቅልፍ አጥተህ ስታስብ ነው የከረምከው?» መልሱ አብዛኛውን ንባብ ይሰጣችኋል። ሳትጠይቁ ወደ አራተኛው ደረጃ አትለፉ።

የሁለቱን ልዩነትም ያዙ። ሦስት ሰይፍ ገና እያመመ ነው፣ ዝናቡ አላቆመም። አስር ሰይፍ አልቋል። በቁጥር ካርዶች ከአስር በላይ የለም፣ አስራ አንደኛ ሰይፍ የሚተከልበት ቦታ የለም። ስለዚህ አስር ሰይፍ ሲወጣ «ይባስ ብሎ ይመጣል» ማለት ስሕተት ነው። የከፋው እዚሁ ነው፣ አድማሱም ቢጫ ሆኗል።

4. ጽዋው የት እንዳረፈ ለዩ

ንባቡ የሚወሰነው እዚህ ነው። ስድስት አደራደሮች አሉ፣ በሦስት እንክፈላቸው።

*ጽዋው አንደኛ ሲሆን።* ጠያቂው ይዞ የመጣው የሁለትዮሽ ቃል ነው። ሁለቱም ጽዋ ይዘዋል፣ ስለዚህ መዋደዱ የአንድ ወገን ምኞት አልነበረም። ቀጥሎ ሦስት፣ ከዚያ አስር ከመጣ፣ ያልታከመ ቁስል ወደ ማብቂያ እየሄደ ነው። «ምንም ካልተቀየረ» የምትለዋ እዚህ ትሠራለች። ገና ሁለተኛው ቦታ ላይ ናቸው፣ ጊዜ አለ። ቅደም ተከተሉ ተቀይሮ አስር መሃል፣ ሦስት መጨረሻ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ነገሩ አልቋል፣ ሐዘኑ ግን ገና አልመጣም። ብዙ ጊዜ «ደህና ነኝ» እያለ የሚመጣ ሰው ነው። ይህን ሰው ለማስታረቅ አትሞክሩ። ለቅሶው እንደሚመጣና መምጣቱም ተገቢ እንደሆነ ንገሩት።

*ጽዋው መሃል ሲሆን።* አሁን በሁለቱ መካከል ያለው እውነተኛ ነው። ከፊቱ ያለው ሰይፍ ግን የድሮ ነው። ሦስት ከፊት፣ አስር ከኋላ ከሆነ፣ ሰውየው ያለፈ ቁስል ይዞ ወደ ጥሩ ግንኙነት ገብቷል፣ ያ ቁስል ደግሞ አሁን ያለውን ሊያፈርሰው ነው። አስር ከፊት፣ ሦስት ከኋላ ከሆነ፣ ከፈረሰ ግንኙነት ቶሎ ወደ አዲስ ተገብቷል፣ ያልተነገረ አንድ እውነትም አለ። መነገሩ ያማል፣ የሚያፈርስ መሆኑን ግን ካርዱ አላለም። ሦስት አስር አይደለም።

*ጽዋው መጨረሻ ሲሆን።* ትልቁ ፈተና ይህ ነው። ጠያቂው ጽዋውን አይቶ «ተመልሶ ይመጣል ማለት ነው?» ይላል። አዎ አትበሉ። ከጽዋው አጠገብ ያለው የትኛው ሰይፍ እንደሆነ ተመልከቱ። አስር ሰይፍ አጠገቡ ካለ አሮጌው ነገር ሞቷል። ጽዋው አዲስ ስምምነት ነው፣ ከሌላ ሰው ጋር ወይም ከዚያው ሰው ጋር በአዲስ ቃል። ካቆምንበት እንቀጥል የሚባል ነገር በዚህ አደራደር ውስጥ የለም። ሦስት ሰይፍ አጠገቡ ካለ ደግሞ መጀመሪያ ፈርሷል፣ ቀጥሎ በቅጡ ታዝኗል፣ ከዚያ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሟል። ይህ ዕርቅ ሊሆን ይችላል። በመከባበር የሚደረግ ስንብትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ንገሩት፣ የሚሻለውን ብቻ መርጣችሁ አታስደስቱት።

5. ለማረጋገጥ ድምሩን ሥሩ

ይህን ደረጃ ከፈለጋችሁ ዝለሉት፣ እኔ ግን ለዚህ ጥምረት በጣም እወደዋለሁ። ቁጥሮቹን ደምሩ፦ ሁለት፣ ሦስትና አስር 15 ይሆናሉ። ታሮት ከሰይፍና ከጽዋ ሌላ የየራሳቸው ስምና ቁጥር ያላቸው ትልልቅ ካርዶች አሉት፤ 15ኛው ትልቅ ካርድ ዲያብሎስ ነው። አንድንና አምስትን ስትደምሩ ደግሞ 6 ይመጣል፣ እሱም ፍቅረኞቹ ነው።

ሁለቱን ካርዶች ከክምሩ አውጥታችሁ ከሁለት ጽዋ ጎን አስቀምጡ። በሦስቱም ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ከበላያቸውም ክንፍ ያለው ነገር አለ። በዲያብሎስ ካርድ ላይ ሁለቱ ሰዎች አንገታቸው ላይ ሰንሰለት አለ፣ ሰንሰለቱ ግን ሰፊ ነው፣ ቢፈልጉ ያወልቁታል። ስለዚህ ጠያቂውን እንዲህ ጠይቁት፦ «አብራችሁ ያላችሁት ስለምትፈላለጉ ነው ወይስ መላቀቅ ስላቃታችሁ?» ድምሩ ለጥያቄ ብቻ ነው። እንደ አራተኛ ካርድ አትቁጠሩት፣ «ዲያብሎስ ወጥቶባችኋል» ብላችሁም ሰው አታስደንግጡ።

6. የተገለበጠ ካርድ ካለ

ሁለት ጽዋ ሲገለበጥ ሚዛኑ ያጋደለ ነው፣ አንዱ የበለጠ ይሰጣል። የተገለበጠ ሦስት ሰይፍ ወይ ቁስሉ እየጠገገ ነው፣ ወይ ሰውየው መቁሰሉን ማመን አልፈለገም። የተገለበጠ አስር ሰይፍም እንዲሁ ሁለት መንገድ አለው፤ መነሣት ወይም ያለቀን ነገር ማስታመም። የትኛው እንደሆነ በሦስተኛው ደረጃ የጠየቃችሁት ጥያቄ መልስ ይለይላችኋል።

ሦስቱም ተገልብጠው ከወጡ ከመተርጎማችሁ በፊት አቀማመጣችሁን እዩ። ጠያቂው ከፊታችሁ ተቀምጦ ካርዱን እሱ ቆርጦ ከሰጣችሁ ክምሩ ዞሮ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ አቅንታችሁ አንብቡ።

7. አንድ ንባብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ለምሳሌ ዱባይ የምትሠራ ሴት እንውሰድ። ፍቅረኛዋ አዲስ አበባ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በቴሌግራም ለምትልከው ቶሎ አይመልስም። ጥያቄዋ «ሌላ ሴት ይዟል ወይ?» ነው። ጥያቄውን ቀየርነው፦ «በመካከላችን ያለው ምን ላይ ነው፣ ምን ላድርግ?» ካርዶቹ በዚህ ተራ ወጡ፦ ሦስት ሰይፍ፣ ሁለት ጽዋ፣ አስር ሰይፍ።

የተቻኮለ አንባቢ «ሦስተኛ ሰው አለች፣ ከጀርባሽ ወግቶሻል፣ አልቋል» ይላል። ሦስት ካርድ፣ ሦስት ስሕተት።

በደረጃው እንሂድ። ሰይፎቹ ሁለት ናቸው፣ ስለዚህ ጉዳዩ የሐሳብና የንግግር ነው። በመካከላቸው ዕረፍትም መሻገርም የለም። እንጠይቃታለን፦ «ከዚህ ሰው በፊት የጎዳሽ አለ?» አለ ትላለች፣ የቀድሞ ጓደኛዋም እንዲሁ መልስ እያዘገየ ነበር የጠፋው። ሦስት ሰይፍ ያረፈው «ይዛው የመጣችው» ቦታ ላይ ነው። ገጠመ።

ጽዋው መሃል ነው። አሁን በሁለቱ መካከል ያለው የሁለት ወገን ነው። እዚህ ላይ ቆሙና ትንሽ ጊዜ ስጧት። አብዛኛው ሰው ለመስማት የመጣው ይህንን ነው፣ ከአስፈሪዎቹ ካርዶች መሃል ግን አይሰማውም።

አስር ሰይፍ «ምንም ካልተቀየረ» ቦታ ላይ ነው። የተደፋው ሰው ብቻውን ነው። እሷ ብቻዋን በሐሳቧ ስትጠይቅ፣ ስትመልስ፣ ስትፈርድ ግንኙነቱ እሱ ሳይሰማ ያልቃል ማለት ነው። እንዲህ በሏት፦ «እኅቴ፣ በዚህኛው ሰው ፋንታ የድሮው ቁስል እየመለሰልሽ ነው። አሥር መልእክት አትላኪለት። ደውይለትና ዝምታህ ያስፈራኛል፣ ምን ሆነሃል ብለሽ በድምፅሽ ጠይቂው።»

ያልተባለውንም አትርሱ። ሌላ ሴት ይኑረው አይኑረው ካርዶቹ አልተናገሩም። ይህን በግልጽ ንገሯት። «የለውም» ብላችሁ ካረጋጋችኋትና ነገ ሌላ ነገር ካወቀች፣ የተጎዳች ልብ ላይ አንድ ሰይፍ የጨመራችሁት እናንተ ናችሁ።

ያው ካርዶች ሁለት ጽዋ፣ ሦስት ሰይፍ፣ አስር ሰይፍ ሆነው ቢወጡላት ምክሩ ይለወጣል። ያኔ ቁስሉ የድሮ አይደለም፣ አሁን በመካከላቸው ያለ ነው። «ምን ሆነሃል?» ከማለት ይልቅ «ያን ቀን ያልከኝ ነገር ጎድቶኛል» ብላ መጀመር አለባት።

8. ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*ጠያቂው «እንዲህ ያለ ነገር የለም» ካለ።* አትከራከሩት። ሦስት ሰይፍን ወደ ትንሽ ነገር አውርዱት፦ የተነገረ ቃል፣ የተረሳ ልደት፣ በቤተሰብ ፊት የተሰማ ንግግር። አሁንም ካልገጠመ «ይህን ክፍል ለጊዜው እንተወው» ብላችሁ ወደ ቀጣዩ ቦታ እለፉ። እንዲገጥም ብላችሁ ቁስል አትፍጠሩለት።

*ግራ ከገባችሁ።* አንድ ተጨማሪ ካርድ ብቻ ሳቡና ሁለቱ ሰይፎች መካከል አስቀምጡት። የጎደሉትን ስድስቱን ቦታ እንዲሞላ ነው። ሁለተኛ አትሳቡ። ሦስት አራት ካርድ ከጨመራችሁ የምታነቡት የፈለጋችሁትን ነው።

*ጠያቂው «እንደገና በውዝልኝ» ካለ።* በዚያው ቀን ለዚያው ጥያቄ እምቢ በሉ። ካርዱ እስኪያምርለት ድረስ ይለምናችኋል። የተነገረውን አንድ ነገር አድርጎ እንዲመለስ ንገሩት።

*ማልቀስ ከጀመረ።* አስር ሰይፍን ገልብጣችሁ ፊቱን ወደ ጠረጴዛው አድርጉት። ጽዋው ይታይ። ውሃ ስጡ፣ ማውራት አቁሙ። ሲረጋጋ ከጽዋው ቀጥሉ።

*ዱላ ወይም ዛቻ እንዳለ ከሰማችሁ።* ንባቡን አቁሙ። ሁለት ጽዋን ይዛችሁ «ፍቅር አለ፣ ታገሺ» ማለት ሰውን ለአደጋ መስጠት ነው። የምታምነው ሰው ዘንድ እንድትጠጋ እርዷት። መኖር አልፈልግም የሚል ሰውም ካጋጠማችሁ ካርዱን ሰብስቡ፣ ብቻውን አትተዉት፣ ቤተሰቡን ወይም ሐኪም ጥሩ።

ስትጨርሱ ቀኑን፣ የካርዶቹን ተራና የሰጣችሁትን አንድ ምክር ደብተር ላይ ጻፉ። ጠያቂው ሲመለስ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ያን ነገር አደረግኸው?» ብላችሁ ነው። ካላደረገው አዲስ ካርድ አትዘርጉለት።